ጭድ ወይም የበግ ፀጉር ኮርኒስ ላይ ከማድረጋችሁ በፊት

ወረኢሉም ሆነ ደላንታ፣ የቆርቆሮ ቤት ሌሊት እንዴት እንደሚበርድ የኖረበት ያውቀዋል። ኮርኒሱ ላይ ጭድ ወይም የበግ ፀጉር ማልበስ ብርዱን በደንብ ይቀንሳል። ግን ቆርቆሮውን እንዳይነካ! ሌሊት ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ፣ ከምድጃና ከትንፋሽ የወጣው እንፋሎት ከስሩ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል።

እኛ ቤት ጭዱን እስከ ቆርቆሮው ድረስ ጠቅጥቀነው ነበር። ነሐሴ ላይ ኮርኒሱ ቡናማ ክብ አወጣ፣ ቤቱም ሻጋታ ሻጋታ ሸተተ። ከፍተን ስናይ የላይኛው ጭድ ጠቁሯል፣ ሲነኩት ይፈረፈራል።

አሁን ከጭዱ በላይ አንድ ስንዝር ክፍት ትተናል፤ ንፋስ ከጫፍ ጫፍ ያልፋል፣ መግቢያውን ለአይጥ ብለን በወንፊት ሽቦ ዘግተነዋል። ጭድ የሚገባው በበጋ ነው፤ ስትጨብጡት መንኮሻኮሽ አለበት። ከጭስ ማውጫና ከኤሌክትሪክ ሽቦም ይራቅ።

የበግ ፀጉር ይሻላል። የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ይዞም ሲነኩት ደረቅ ይመስላል። ግን በደንብ ታጥቦ ካልደረቀ ይሸታል፣ ብልም ይገባዋል። ቡሽ ለመበስበስ አስቸጋሪ ነው፤ ከውጭ ስለሚመጣ ግን ዋጋው አይቀመስም።