ሙዕጂዛና ከራማ፦ ሰው የሚያምታታቸው ነገሮች

ወሎ ውስጥ «የሸህ እገሌ ከራማ» ሲባል ያልሰማ ሰው አይገኝም። ሁለቱም ተዓምር ናቸው፤ ከራማ የወሊይ፣ ማለትም የአላህ ወዳጅ የሆነ ሰው ነው፣ ሙዕጂዛ ደግሞ የነቢይ። እስከዚህ ሁሉም ይስማማል። ልዩነታቸው ምንድን ነው ሲባል ግን ነገሩ ይደበላለቃል።

ተዓምሩን በትልቅነቱ መለካት

«ነቢይ ትልቁን፣ ወሊይ ትንሹን» የሚለው መልስ ቀላል ነው። አቡ ኢስሐቅ አል-ኢስፈራይኒን (በ1027 የሞተ) የመሰሉ ሊቃውንትም ወደዚህ ያዘነብሉ ነበር። አል-ጁወይኒ (በ1085 የሞተ) ግን አልተቀበለውም። እሱና ሌሎች አሽዐሪዮች የተባሉት የሥነ መለኮት ሊቃውንት ልዩነቱ ያለው ነቢይ ነኝ በማለቱ ላይ ነው ይላሉ። ነቢዩ «አላህ ልኮኛል፣ ምልክቴም ይኸው» ይላል። ምልክቱ እንዳለው ይመጣል፣ የሚክዱትም አምሳያውን ማምጣት ያቅታቸዋል።

የሚሰጡት ምሳሌ ደስ ይላል። አንድ ሰው በንጉሥ ችሎት ፊት ቆሞ «እኔ የንጉሡ መልእክተኛ ነኝ። ንጉሥ ሆይ፣ እውነቴን ከሆነ ከልማድህ ውጭ ከዙፋንህ ተነሣ» አለ እንበል። ንጉሡ ብድግ ካለ «እውነቱን ነው» እንዳለ ይቆጠራል። ማንም ሳይጠይቀው ቢነሣስ? መነሣቱ ያው ነው፣ ግን የማንንም መልእክተኛነት አያረጋግጥም።

አሁን የንግሥተ ሳባን ዙፋን እንይ። በቁርኣን 27ኛ ምዕራፍ ሱለይማን ዙፋኗን ማን ያመጣልኛል ይላል። የመጽሐፍ ዕውቀት ያለው አንድ ሰው ዓይን ከመርገብገቡ በፊት አመጣው። ቁርኣንን የሚተነትኑ ብዙ ሙፈሲሮች ሰውየው ነቢይ አልነበረም፣ ስሙም አሲፍ ነው ይላሉ። ተዓምሩ ጉድ የሚያሰኝ ነው፤ ሰውየው ግን ነቢይ ነኝ አላለም። ስለዚህ ከራማ ነው።

ሁሉም ከራማን ተቀብሏል ማለት

ሙዕተዚላ ከተባሉት የሥነ መለኮት ወገኖች ብዙዎቹ አልተቀበሉትም። ሌላው ሰውም ልማድን የሚጥስ ነገር ከሠራ ነቢዩ በምን ይለያል ብለው ሞገቱ። መርየም ዘንድ በተዓምር ይገኝ የነበረውን ሲሳይ እንኳ የነቢዩ ዘከሪያ ሙዕጂዛ ነው ያሉ ነበሩ። ጥያቄያቸው የዋዛ አልነበረም። የአሽዐሪዮቹ መልስ እንዲህ ነው፦ ወሊዩ ነቢዩን የሚከተል ስለሆነ ከራማው ለነቢዩ ምስክር እንጂ ተፎካካሪ አይደለም። ነቢይ ነኝ ባለባት ቅጽበት ወሊይነቱ ያበቃል።

ተዓምር የሠራ ሁሉ ወሊይ ነው ማለት

ኃጢአተኛም እጅ ላይ እንግዳ ነገር ሊታይ ይችላል። ይህን ኢስቲድራጅ ይሉታል፤ ሰውየው ቀስ በቀስ ወደ ጥፋቱ የሚሳብበት ነው። ነቢይ ነኝ ያለው ሙሰይሊማ ደግሞ ውኃው እንዲበዛ ጉድጓድ ውስጥ ቢተፋ ጭራሽ ደረቀ ተብሎ ይተረካል። ሱፊዩ አቡ የዚድ አል-ቢስጣሚ አየር ላይ የተቀመጠ ሰው ብታዩ እንኳ የአላህን ትእዛዝና ክልከላ እንዴት እንደሚጠብቅ ሳታዩ አትታለሉ ማለቱ ይነገራል።