የካርቦን አውሮፕላን ሲገጭ፦ ላዩ ደህና፣ ውስጡ የተላቀቀ

መራዊ ገበያ እንስራ የምትገዛ እናት ዓይኗን ብቻ አታምንም። በጣቷ ታንኳኳዋለች። ጥርት ብሎ ካልጮኸላት አስቀምጣው ትሄዳለች። ይህ ብልሃት ከታች ይመጣል።

ምልክቱ

ባሕር ዳር የምታርፈው ኪው 400 አውሮፕላን አካሏ አሉሚኒየም ነው። የዕቃ መጫኛ ቢገጫት ትጎደጉዳለች፤ ማንም ያየዋል። ቦሌ ላይ የቆመ ድሪምላይነር በዚያው ጉልበት ቢገጭ ግን አካሉ ካርቦን ስለሆነ ቀለሙ ጫር ብሎ ብቻ ሊታይ ይችላል። ሾፌሩም «ምንም አልሆነም» ብሎ ይሄዳል። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

መንስኤው

አሉሚኒየም የሚደክመው በድግግሞሽ ነው። በየበረራው አካሉ በአየር ግፊት ይነፋል፣ ይመለሳል። ቆርቆሮውን በሚያያይዘው የሪቬት ሚስማር ቀዳዳ ዳር ስንጥቅ ይጀምርና ቀስ እያለ ያድጋል። በ1988 (እ.ኤ.አ.) ሃዋይ ላይ ጣሪያው የተገነጠለው 737 ወደ 90,000 የሚጠጋ በረራ አድርጎ ነበር።

ካርቦን ይህን ድግግሞሽ በደንብ ይችላል። ጠላቱ ድንገተኛ ምት ነው። አካሉ ሬዚን በሚባል ሙጫ የተጣበቁ ስስ የካርቦን ክር ንብርብሮች ነው። ሲመታ ላዩ ተመልሶ ይቃናል፤ ንብርብሮቹ ግን እርስ በርስ ይላቀቃሉ። ጉዳቱ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ይሰፋል። የተላቀቀው ቦታ ሲጨመቅ ይታጠፋል፣ ጥንካሬውም ይወርዳል።

መፍትሄው

መጀመሪያ አውሮፕላኑ ይቁም። ከዚያ እንደ እንስራዋ በትንሽ መዶሻ ወይም በሳንቲም ይንኳኳ። ጤናማው ጥርት ይላል፤ የተላቀቀው ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ወፍራም አካል ላይ ግን ጆሮ አይበቃም፤ ጥልቁን አይሰማም። ስለዚህ የጉዳቱ ዳርቻ በአልትራሳውንድ ተለክቶ ይሰመርበታል። አምራቹ በጥገና መመሪያው ከፈቀደው ካነሰ አነስተኛ ሥራ ይበቃዋል፤ ከበለጠ ይጠገናል።

አንዱ መንገድ በቦልት የሚታሰር ልጣፍ ነው። ልጣፉ ቲታኒየም ይሁን፤ አሉሚኒየም ካርቦን ሲነካ ዝገት ይበላዋል። ሌላው መንገድ የተጎዳውን ሞርዶ አዲስ ንብርብር በሙጫ ማጣበቅ ነው። ለምሳሌ 50 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጉዳት 8 ንብርብር ጠልቋል እንበል፤ እያንዳንዱ 0.2 ሚሊሜትር ነው፤ ጥልቀቱ 1.6 ይሆናል። መመሪያው 1 ለ 30 ተዳፋት፣ ማለትም ለ1 ሚሊሜትር ጥልቀት 30 ሚሊሜትር ወደ ጎን፣ ካዘዘ በየጎኑ 48 ሚሊሜትር ይሞረዳል። የ50 ሚሊሜትሯ ጉዳት ወደ 146 ሚሊሜትር ስፋት አደገች ማለት ነው። ተዳፋቱ ጭነቱን ለአዲሱ ንብርብር ቀስ ብሎ ያስረክባል።

ከመጣበቁ በፊት ቦታው በደንብ ይድረቅ። በውስጡ የቀረ እርጥበት ሲሞቅ እንፋሎት ሆኖ ሙጫውን አረፋ ያደርገዋል። ከዚያ በቫኪዩም ተጨምቆ በማሞቂያ ብርድ ልብስ ይበስላል፤ ሙቀቱም በየደቂቃው ይመዘገባል።

በመጨረሻ እንደገና አልትራሳውንድ ይደረጋል። እሱ ክፍተትን ያሳያል እንጂ ሙጫው ምን ያህል እንደያዘ አይለካም። ስለዚህ ያ የሙቀት መዝገብ ከጎደለ ልጣፉን አውልቄ እንደገና እሠራለሁ።