የተሳሳተውን ስላይድ ብቻውን አትልቀቁት

በኢንስታግራም ልጥፍ ላይ የተሳሳተውን እምነት በአንድ ስላይድ፣ እርማቱን በሚቀጥለው የምታቀርቡ ከሆነ አንባቢው ሁለቱንም ያያል ብላችሁ አትተማመኑ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አይቶ ያልፋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ምስሉን ቀድቶ ለብቻው ይልከዋል። ያን ጊዜ ልታስተባብሉት የተነሣችሁትን ወሬ ራሳችሁ አሰራጫችሁት ማለት ነው።

«አንቲባዮቲክ ጉንፋንን ያድናል» የሚለውን እንውሰድ። ይህን በትልልቅ ፊደል ጽፎ ጥግ ላይ ትንሽ የኤክስ ምልክት ማድረግ አይበቃም፤ ዓይን የሚይዘው ትልቁን ጽሑፍ ነው። «ስህተት» የሚለው ቃል ከዓረፍተ ነገሩ በላይ፣ ቢያንስ በእኩል መጠን ይጻፍ። እኔ እንዲያውም «አንቲባዮቲክ ጉንፋንን አያድንም፤ ታዲያ ያዳነን ለምን ይመስለናል?» ብዬ መጀመር እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ስላይድ «አያድንም» ብሎ ብቻ ካቆመ አንባቢው ወደ ቀድሞው እምነቱ ይመለሳል። ምክንያቱን ስጡት፦ ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ የሚሠራው ደግሞ በባክቴሪያ ላይ ነው። ስህተቱ ከየት እንደመጣም አሳዩት፦ ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ በራሱ ይለቃል፤ ክኒን የዋጠ ሰው ግን ምስጋናውን ለክኒኑ ይሰጣል።

በዚህ ስላይድ ላይ «ቀደም ሲል የተባለው» የሚል አገላለጽ አትጠቀሙ። ኢንስታግራም የመጀመሪያውን አይቶ ላለፈ ሰው አንዳንድ ጊዜ ሁለተኛውን ያቀርብለታል። ከመለጠፋችሁ በፊት እያንዳንዱን ስላይድ ለየብቻ ለአንድ ሰው አሳዩና ምን እንደተረዳ ጠይቁት።