ለብዙ ሰው የሚመች ቀን ስንጠይቅ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የኮንዶሚኒየማችን የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ ነዋሪው መሰብሰብ ነበረበት። የብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ 86 ሰው አለው። ቀን ለመቁረጥ ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጀብን። ጥፋቱ የአጠያየቃችን ነበር።

«መቼ ይመቻችኋል?» ብሎ መልሱን በጽሑፍ መጠበቅ

አንዱ «ከምሳ በኋላ ከሆነ» ይላል፣ ሌላዋ «ከቅዳሜ በቀር»። መሃል ላይ የቆሻሻ ክፍያ ጥያቄ ይገባል። ማታ ጸሐፊያችን እስክሪብቶ ይዛ ወደ ላይ እየሳበች ትቆጥር ነበር። የጽሑፍ መልስ ለአምስትና ስድስት ሰው ኮሚቴ ነው የሚሆነው። እዚያ «ልጄን ከትምህርት ቤት ካመጣሁ በኋላ» የሚለው ዝርዝር ይጠቅማል።

በኢሞጂ ቀን ማስመረጥ

ሦስት ቀን በሦስት መልእክት ለጥፈን አውራ ጣት እንዲያደርጉ ጠየቅን። ግን አውራ ጣቷ «አይቻለሁ» ናት ወይስ «እመጣለሁ»? ግማሹ ለአክብሮት ነው የነካት። ኢሞጂ የሚያምረው ቀኑ ካለቀለት በኋላ ነው፦ «እሁድ የምትመጡ ብቻ አውራ ጣት አድርጉ»።

ፖሉን አንድ መልስ ብቻ እንዲቀበል መተው

እኛን ያሳሳተን ይሄ ነው። 52 ሰው መረጠ፦ ቅዳሜ ከሰዓት 21፣ እሁድ ጠዋት 17፣ እሁድ ከሰዓት 14። ቅዳሜ አሸነፈ ብለን ጠራን። የመጣው ሰው ግን አዳራሹን አልሞላም። ለካ እኛ የጠየቅነው የሚወዱትን ቀን ነው፤ መጠየቅ የነበረብን የሚችሉትን ሁሉ ነው። ሁለተኛውን ፖል Multiple Answers የሚለውን አብርተን ስንልክ ያው 52 ሰው መለሰ። ቅዳሜ 24፣ እሁድ ጠዋት 22፣ እሁድ ከሰዓት 41 ሆነ። መጨረሻ የነበረው ቀን ለብዙው ሰው የሚመች ሆኖ ተገኘ።

በዚያው «አንዱም አይመቸኝም» የሚል ምርጫ ጨምሩ። ያለዚያ ዝም ያለው ሰው ፖሉን ይየው አይየው፣ ወይም አልችልም ማለቱ ይሁን፣ አይለይም።

የመራጩን ስም መደበቅ

ቴሌግራም ላይ ፖል ስትሠሩ Anonymous Voting በርቶ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ሳትልኩ በፊት አጥፉት፤ ከተላከ በኋላ ሌላ ፖል መሥራት ነው። ለእኛ ቁጥሩ ብቻ አይበቃም ነበር። የፓምፑ ክፍል ቁልፍ ያለው አንድ ሰው ጋ ነው፣ ሂሳቡም ሌላዋ ጋ። እነሱ በሌሉበት 41 ሰው ቢሰበሰብም ወሬ ብቻ ነው የሚሆነው።

ሰዓቱንም አፍታቱት። «እሁድ 9 ሰዓት» ብቻ አትበሉ። ቤታቸውን አከራይተው ዱባይ የሚኖሩ ጎረቤቶች አሉን፤ እነሱ ጠዋት 9 ሰዓት ሊመስላቸው ይችላል። «እሁድ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት፣ በአዲስ አበባ» ብላችሁ ጻፉ።

ስማርት ስልክ የሌላቸው እናቶች ደግሞ በየትኛውም ፖል አይገኙም። ለእነሱ ጸሐፊያችን ሦስቱን ቀን በወረቀት ይዛ በር ታንኳኳለች፣ መልሱንም ከፖሉ ድምር ላይ ትጨምረዋለች።