«ዋንዛ ነው» ተብሎ የተገዛ ቁም ሳጥን በሩ ሲወልቅ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ነሐሴና መስከረም ለእኔ የቁም ሳጥን በር ወራት ናቸው። የሚዛወር ሠራተኛ ዕቃውን ይሸጣል፣ ገዢው በጋሪ ጭኖ ይወስዳል፣ ብዙ ሳይቆይ በሩ በአንድ ማጠፊያ ተንጠልጥሎ እኔ እጠራለሁ። ብሎኑን ማጥበቅ ሁሉም ሞክሮታል፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ ያለውን ልናገር።

ምልክት፦ ብሎኑ ይዞራል፣ ግን አይጠብቅም

ብሎኑን አውጡና ቀዳዳውን በምስማር ጫፍ ጫር አድርጉት። ረጃጅም ጭረት ከወጣ ድፍን እንጨት ነው። ተደራርበው የተጣበቁ ስስ ንጣፎች ከታዩ ኮምፔንሳቶ ነው። እንደ ድርቆሽ ፍርፋሪ የሚበተን ነገር ከወጣ ደግሞ ቺፕውድ ነው፤ ማለትም በሙጫ ተጠፍጥፎ የተጋገረ የእንጨት ብጥስጣሽ።

ሳይገዙ በፊት ለመለየት ፊቱን ማየት አይጠቅምም። ፊቱ የዋንዛ ሥዕል የታተመበት ወረቀት ሊሆን ይችላል። አንድ ዓይነት ጉጥ በሁለት በሮች ላይ በአንድ ቦታ ካያችሁ ዛፍ እንዲህ አያበቅልም። ጠርዙም በፕላስቲክ ጥብጣብ ይሸፈናል። ስለዚህ ማንም ለመሸፈን የማይደክምበትን ቦታ እዩ፦ የጀርባውን ጠርዝ፣ የእግሩን ግርጌ፣ የመደርደሪያ መያዣው የሚገባበትን ቀዳዳ። በድፍን ጣውላ ላይ የፊቱ መስመር ጠርዙን ተሻግሮ ይቀጥላል፣ በጫፉም የዛፉ ዓመታዊ ክብ ተቆርጦ ይታያል።

«ከባድ ነውና እንጨት ነው» የሚለውን ተዉት። ቺፕውድ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ዋንዛ ይከብዳል። ሁለት ሰው አቃስቶ ስለተሸከመው ብቻ ዋጋ የጨመረ ገዢ አይቻለሁ።

መፍትሄ

ድፍን ከሆነ ሥራው የአምስት ደቂቃ ነው። ቀዳዳውን ኮላ በተነከረ የእንጨት ስንጣሪ ሙሉት፣ ሲደርቅ ብሎኑን መልሱ። ይህን ደጋግሞ ይችላል፤ ፊቱ ቢጫርም በመላጊያ ተልጎ አዲስ ይሆናል።

ኮምፔንሳቶ በፊቱ በኩል ብሎን በደንብ ይይዛል፣ በጠርዙ በኩል ግን ንጣፎቹ ይሰነጠቃሉ። የላይኛው ልባጥ ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊሜትር ይሳሳልና በብርጭቆ ወረቀት በእጅ ብቻ፣ ቀስ ብሎ ይፈተጋል። የፊቱ ቀለም መለወጥ ከጀመረ ልባጡ አልቋል፤ አቁሙ።

ቺፕውድ ነው ጣጣው። ረዥም ብሎን አታስገቡ። ወፍራም ብሎንም አታስገቡ። ክብሪትም አትጎስሩ፤ ፍርፋሪው የሚጨብጠው የለውም። የማደርገው ይህን ነው፦ የተበላሸውን ቀዳዳ በ10 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ አጸዳለሁ፤ ሰሌዳው 16 ሚሊሜትር ስለሆነ ከ12 አላልፍም፣ ካለፍኩ በወዲያኛው ፊት ይወጣል። ከደረቅ ጠንካራ እንጨት የተጠረበ ድቡልቡል ውታፍ በኮላ ነክሬ አስገባና አንድ ቀን ሙሉ አሳድረዋለሁ። ከዚያ ውታፉን መሃሉ ላይ በ2 ሚሊሜትር በስቼ ብሎኑን በእጅ አጠብቃለሁ። ይህ ጥገና በአንድ ቦታ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል። ሁለተኛ ጊዜ ከተነቀለ ማጠፊያውን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አዛውሩት።

ግን ከሁሉ በፊት ሰሌዳው ውሃ ጠጥቶ እንደሆነ እዩ። አንዲት መምህርት ባለሦስት በር ቁም ሳጥን ገዝታ ጠራችኝ። «ጋሼ፣ ዋንዛ ነው ብለውኝ ነበር እኮ» አለችኝ። ውታፉን አስገብቼ ሄድኩ። በሁለተኛው ሳምንት በሩ ጡጫ የሚያህል የጎን ሰሌዳ ይዞ ወደቀ። ተንበርክኬ ግርጌውን ስለካው 16 የነበረው 21 ሚሊሜትር ሆኗል። የቀድሞው ባለቤት ወለሉን በውሃ ሲወለውል ኖሯል፤ ሰሌዳው ከሥር ጠጥቶ አብጧል፣ ባበጠው በኩል ሲሰምጥም ቁም ሳጥኑ ተጣሞ በሩን ይነቅለዋል። ስህተቱ የእኔም ነበር፤ ግርጌውን ሳላይ ማጠፊያ ጠገንኩ።

ያበጠ ቺፕውድ ቢደርቅም ወደ ልኩ አይመለስም። በጥፍር ሲጫኑት የሚሰረጎደውን ሁሉ፣ 7 ሴንቲሜትር ያህል፣ በመጋዝ ቆረጥኩ፤ የመጨረሻው መደርደሪያ ከዚያ በላይ ስለነበር ተረፈ። የተቆረጠውን ጠርዝ ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ አጠጣሁት፣ ከሥሩም ከደረቀ ባሕር ዛፍ ክፈፍ ሠርቼ አቆምኩት። የተነቀለውን ቦታ ትቼ ማጠፊያውን አንድ ስንዝር ዝቅ አደረግሁት። እብጠቱ መደርደሪያው ድረስ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ገንዘቧን አልቀበልም ነበር።

ድፍን እንጨት ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎችና ከሥራቸው ትኩስ ዱቄት ካያችሁ ነቀዙ ገና አልሄደም፤ አትግዙ።

ስታጓጉዙም በሮቹን አስቀድማችሁ ፍቱ። የመምህርቷ ቁም ሳጥን ሦስት ክረምት አልፎታል፤ ወደ ቤቷ ስገባ አሁንም ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መወልወያው ነው።