የትናንት ባልደረባችሁን ውጤት ስትሞሉ
አዲስ ቡድን መሪ ሆናችሁ የመጀመሪያውን የአፈጻጸም ምዘና ልትሞሉ ነው? ደብረ ማርቆስም ሁኑ ቡሬ፣ የምትመዝኑት እስከ ትናንት ቡና አብሯችሁ ሲጠጣ የነበረውን ሰው ነው። ስለዚህ ቅጹን በሰው ሳይሆን በመስፈርት ሙሉት። «ሥራን በጊዜ ማድረስ» የሚለውን መስፈርት ብቻ ይዛችሁ ለሁሉም ሠራተኞች ነጥብ ስጡ፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ መስፈርት እለፉ። ከነጥቡ ጎን አንድ ማስረጃ ጻፉ፦ «የኅዳር ሪፖርት 4 ቀን ዘገየ»።

አንድን ሰው ከላይ እስከ ታች ስትሞሉ ለእሱ ያላችሁ ስሜት ነጥቡን ሁሉ ይጎትተዋል። በመስፈርት ሲሆን ሥራ ከሥራ ጋር ይነጻጸራል። ጓደኛችሁ 4 ቀን ዘግይቶ 4 ነጥብ፣ ሌላዋ 2 ቀን ዘግይታ 3 ነጥብ ካገኙ አድልዎው ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል።

ይህ መንገድ ሥራቸው ጭራሽ ለማይገናኝ ሰዎች ግን አይሆንም። ከሹመታችሁ በፊት ላለው ጊዜም የቀድሞውን ኃላፊ መዝገብ ጠይቁ እንጂ በትዝታ አትሙሉ።