ስድስት ዕቅድ፣ አንድ ኪስ፦ የቱ ይቅደም?

ጥር መጀመሪያ ላይ ደሴ እህቴ ቤት ነበርኩ። ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ሳይቀዳ እሷና ባለቤቷ ጀመሩ። እሱ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የሚሠራው። ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት ይወርዳል፣ ማታ ይመለሳል። እሷ ሸዋ በር አካባቢ ልብስ ትሰፋለች። ክርክራቸው ገንዘብ አነሰን አልነበረም። «ከየቱ እንጀምር?» ነው። እሱ ጣሪያው ይላል፣ እሷ የልብስ ጠርዝ የሚይዘው ኦቨርሎክ ማሽን ትላለች። መሃል ላይ ደግሞ የታናሽ ወንድሙ ሠርግ አለ።

እኔም በዚህ ነገር ተቃጥያለሁ። አንድ ዓመት ያለኝን ለአምስት ጉዳይ እኩል አካፍዬ ማጠራቀም ጀመርኩ። ፍትሐዊ መስሎኝ ነበር። ክረምት ሲገባ አምስቱም ግማሽ ላይ ነበሩ፣ አንዱም አላለቀም። ስለዚህ የእህቴን ልጅ ደብተር ተቀበልኩና መሃሉን ከፍቼ አራት ዓምድ አሰመርኩ፦ ጉዳይ፣ ዋጋ፣ ቀን፣ ቢዘገይስ?

መጀመሪያ ዋጋውን ከአፍ ሳይሆን ከገበያ ያምጡ

ሁሉም ዕቅድ ይጻፍ፣ ትንሹም ትልቁም። ችግሩ የሚመጣው ዋጋው ላይ ነው። ባለቤቷ «ጣሪያው ሃያ ሺህ ይበቃዋል» አለ። በማግስቱ አናጺ ጠርተን አስወጣነው። ቆርቆሮውን ቆጠረ፣ በምስማሩ ቀዳዳ ውሃ የገባበትን ማገር በጣቱ ፈርፈር አድርጎ አሳየን። ማገሩ፣ ምስማሩና የእጁ ዋጋ ሲደመር 24,000 ብር ሆነ። የአራት ሺህ ልዩነት ነው። እህቴም የማሽኑን ዋጋ የያዘችው ካቻምና ከጠየቀችው ነበር፤ ሱቅ ሄዳ ስትጠይቅ 30,000 ተባለች።

ዋጋ የጠየቁበትን ቀንም አጠገቡ ይጻፉ። ሦስት ወር ያለፈው ዋጋ እንደገና ይጠየቃል። ቆርቆሮ ደግሞ ክረምቱ ሲቃረብ ሁሉም ሰው ነው የሚፈልገው።

ቀኑ የድግሱ ቀን አይደለም

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መጻፍ ያለበት ጉዳዩ የሚደርስበት ቀን ሳይሆን ገንዘቡ እጅ ላይ መገኘት ያለበት ቀን ነው። ሠርጉ ሚያዝያ ውስጥ ነው፤ ጨርቅ ተገዝቶ እስኪሰፋ ግን ብሩ መጋቢት መጨረሻ ላይ መኖር አለበት። ትምህርት መስከረም ይጀምራል፤ ምዝገባው ግን ነሐሴ ነው። ጣሪያው ዋናው ዝናብ ሳይገባ ማለቅ አለበት፤ ሰኔ ላይ ደግሞ አናጺ ለማግኘት ወረፋ ነው። ስለዚህ ግንቦት መጨረሻ ብለን ጻፍን። ወሎ የበልግ ዝናብ ስላለው ከዚያ በፊትም ጠብ ጠብ ማለቱ አይቀርም፤ ያኔ ባልዲ ይደረግለታል።

ደብተሩ ላይ የሰፈረው ይህ ነው፦

| ጉዳይ | ዋጋ (ብር) | ብሩ የሚፈለግበት |
|---|---|---|
| የሠርግ ልብስና ስጦታ | 8,000 | መጋቢት መጨረሻ |
| ከአጎት የተወሰደ ብድር | 10,000 | ሚያዝያ መጨረሻ |
| ጣሪያ | 24,000 | ግንቦት መጨረሻ |
| የልጆች ምዝገባና ዩኒፎርም | 15,000 | ሐምሌ መጨረሻ |
| ኦቨርሎክ ማሽን | 30,000 | ቀን የለውም |
| መጠባበቂያ | 12,000 | ቀን የለውም |

በእጃቸው 9,000 ብር አለ። ከወጪ ተርፎ በየወሩ መጨረሻ የሚቀመጠው 5,000 ነው። ይህን ቁጥር ሲይዙ ከባዱን ወር ያስቡ እንጂ የደላውን አይደለም። እህቴ በሠርግ ሰሞን ብዙ ትሰፋለች፤ የዚያን ወር ገቢ አልወሰድንም።

«ቢዘገይስ?»

አጣዳፊነት ማለት ቀኑ መቅረቡ ብቻ አይደለም። የሠርጉ ቀን ከሁሉም ይቀድማል፣ ንቅንቅም አይልም። ቢሆንም በ8,000 ፋንታ በ5,000 ቢታለፍ የሚፈርስ ነገር የለም። ጣሪያውን ግን ዝናብ አይጠብቀውም። ቤቱ የውርስ የጭቃ ቤት ነው። ውሃ በማገሩ በኩል ወደ ግድግዳው ከወረደ፣ የ24,000ው ሥራ በሚቀጥለው ዓመት የግድግዳም ጭምር ይሆናል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ጠየቅን፦ ቢዘገይ ምን ይከተላል? መዘግየቱ ተጨማሪ ብር የሚያስወጣ ወይም የማይመለስ ነገር የሚያበላሽ ከሆነ «ሀ»። ቅር የሚያሰኝ ግን የሚታለፍ ከሆነ «ለ»። ምንም የማያመጣ ከሆነ «ሐ»። ጣሪያና ምዝገባ «ሀ» ሆኑ። ብድሩ ላይ ተከራከርን። ወለድ የለውም፤ ግን አጎት ናቸው፣ ደግሞም ቃል ተገብቷል። እህቴ «እሳቸው ፊት አንገቴን ደፍቼ አልቆምም» ስትል እሱንም «ሀ» አልነው። ሠርግ «ለ»፣ ማሽኑ «ሐ»። መጠባበቂያውን ለጊዜው ባዶ ተውነው።

እነዚህን ሦስት ነገሮች ነጥብ ሰጥቶ መደመር የሚወዱ አሉ። እኔ አልወደውም። ሥራቸው ይለያያል። ቀኑ ወረፋውን ያስይዛል። ዋጋው ይበቃል አይበቃም የሚለውን ይነግርዎታል። አጣዳፊነቱ ደግሞ ሳይበቃ ሲቀር ማን እንደሚለቅ ይወስናል።

አሁን በየቀነ ገደቡ ያስሉ

ጠቅላላውን ደምሮ ለወራት ማካፈል አይበቃም፤ የትኛው ወር ላይ እንደሚጎድል አያሳይም። እያንዳንዱ ቀን ላይ ቆመው ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ እስከዛሬ ምን ያህል እጄ ይገባል? እስከዛሬ የሚደርሱት ጉዳዮች ሁሉ ሲደመሩስ ስንት ናቸው?

መጋቢት መጨረሻ የሦስት ወር 15,000 ከነበረው 9,000 ጋር 24,000 ይሆናል። የሚፈለገው 8,000 ነው፤ ሞልቶ ይተርፋል። ሚያዝያ ላይ 29,000 አለ፣ የሚፈለገው 18,000። እዚህ ድረስ ደህና ነው፤ ሰውን የሚያዘናጋውም ይህ ነው። ግንቦት ላይ 34,000 አለ፣ የሚፈለገው ግን 42,000። 8,000 ጎደለ። ሐምሌ ላይ 44,000 ለ57,000፤ ጉድለቱ 13,000 ደረሰ።

ባለቤቷ ዝም ብሎ ደብተሩን አየና «እኔ እኮ በሚያዝያው ትርፍ ቴሌቪዥን ልገዛ ነበር» አለ። የሚያዝያው ትርፍ የግንቦት ጣሪያ ነው።

ሲጎድል ማን ይልቀቅ?

መጀመሪያ የሚነካው «ለ» ነው። ሠርጉ ወደ 5,000 ወረደ። ያ ብቻ አይበቃም።

ቀጥሎ «ሀ» የሆኑትን መሰረዝ ሳይሆን መክፈል። አንድ ትልቅ ጉዳይ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሁለት ጉዳይ አለ፦ ቀን ያለውና ቀን የሌለው። አናጺውን መልሰን ጠየቅነው። የሚያፈሰው የመኝታ ቤቱ በኩል ነው፤ እሱን ብቻ ማገሩን ቀይሮ ቆርቆሮውን ለማልበስ 13,000 በቂ ነው አለ። የቀረው 11,000 በጋ ይጠብቃል። ለሁለት ጊዜ ሲሠራ የእጅ ዋጋው ትንሽ ሊጨምር እንደሚችል ግን ነግሮናል። ትምህርት ቤቱም ሲጠየቅ 10,000 በምዝገባ፣ 5,000 ጥቅምት ላይ መቀበል ይችላል። ይህን ሳይጠይቁ አይገምቱ፤ የማይቀበልም አለ።

እንደገና አሰላን። ግንቦት ላይ 34,000 አለ፣ የሚፈለገው 28,000። ሐምሌ ላይ 44,000 አለ፣ የሚፈለገው 38,000። ሁለቱም ላይ 6,000 ይተርፋል። ይህ 6,000 የመጠባበቂያው ግማሽ ሆነ። ከ9,000ው ላይ ዛሬውኑ ተቀንሶ ለብቻው ተቀመጠ። ልጅ ቢታመም ጣሪያው እንዳይነካ ነው። ነሐሴና መስከረም መሃል ደግሞ ጳጉሜ አለች፤ ምግብ ትጠይቃለች፣ ደመወዝ የላትም።

ማሽኑስ? ዕቁቡስ?

እህቴ አልተዋጠላትም። «አንተ ደግሞ! ማሽኑ እኮ ገንዘብ ያመጣል» አለች። ልክ ናት፣ ይህ ክርክር መሰማት አለበት። ልብሱን ጠርዙን ለማስያዝ ጎረቤት ሱቅ እየላከች ትከፍላለች። ማሽን ብትገዛ ከዚያ የሚቀረውና የሚጨምረው ተደምሮ በወር 1,500 ገደማ ነው። 30,000 ለ1,500 ሲካፈል 20 ወር። ጣሪያው ያለው ጊዜ አምስት ወር ነው። ገቢ የሚያመጣ ነገር ወረፋ የሚሰብረው ቀጣዩ ቀን ሳይደርስ ዋጋውን የሚመልስ ከሆነ ብቻ ነው። ሦስት ወር ውስጥ የሚመልስ ቢሆን ኖሮ እኔም እሱን አስቀድም ነበር።

«እንግዲያው ዕቁብ ልግባ» አለች። ሰፈር ውስጥ 12 ሰው በወር 2,500 የሚጥልበት አለ፤ ዕጣው 30,000፣ ልክ የማሽኑ ዋጋ። አሁን ብትገባ ግን ለሌላው የሚቀረው በወር 2,500 ብቻ ነው። ግንቦት ላይ 21,500 ይኖራቸዋል፣ የሚፈለገው 28,000። ዕጣው እስከ ግንቦት ቢወጣላት ያድናት ነበር፤ ከ12 ዕጣ ግን እስከዚያ የሚወጣው አምስቱ ነው። ጣሪያን በዕጣ ማልበስ አይቻልም። አንዳንድ ዕቁብ ላይ ዳኛው ችግር አይቶ ያስቀድማል፣ ዕጣ የሚሸጥም አለ፤ ያ አስቀድሞ ካልተነጋገሩበት ተስፋ ብቻ ነው።

ዕቁብ የሚስማማው ቀን ለሌለው ጉዳይ ነው። ማሽኑ ደግሞ ቀን የለውም። ስለዚህ የምዝገባው ቀሪ 5,000 ጥቅምት ላይ ከተከፈለ በኋላ፣ ኅዳር ላይ የሚጀምር ዕቁብ ትገባለች። ዕጣው ቢዘገይም የሚያፈስ ነገር አይኖርም።

በየወሩ መጨረሻ አሥር ደቂቃ

ከደብተሩ ጀርባ በየወሩ መጨረሻ መኖር ያለበትን ጻፍን፦ ጥር 14,000፣ የካቲት 19,000፣ መጋቢት ሠርጉ ከተከፈለ በኋላ 19,000፣ ሚያዝያ ብድሩ ከተመለሰ በኋላ 14,000፣ ግንቦት ጣሪያው ካለቀ በኋላ 6,000። ይህ መጠባበቂያውን ጨምሮ ነው። ደመወዝ በገባ ቀን ቡና እየተፈላ ያለውን ከዚህ ጋር ያስተያያሉ። ካነሰ፣ የሚለቀው ጉዳይ በዚያው ማታ ይወሰናል፤ ለሚቀጥለው ወር አይተላለፍም። አዲስ ጉዳይ ከመጣም መጀመሪያ ሦስቱ ጥያቄዎች ይጠየቁለታል፣ ከዚያ ሒሳቡ እንደገና ይሠራል።

የካቲት መጨረሻ ደውዬ ነበር። 19,000 መሆን ሲገባው 17,400 ነው አለችኝ። ልጁን ጉንፋን ይዞት ነበር፣ መድኃኒት ተገዛ። «ከሠርጉ ልብስ የእኔን ቀሚስ ሰረዝኩት፣ አሮጌውን ጠርዙን አሠርቼ እለብሰዋለሁ» አለች። ጠርዙን የምታሠራው ያው ጎረቤት ጋ ነው።